ስም ያልተጻፈባቸው ቀስቶችና ዘንጎች፦ የፊዚክስ ሥዕል ምን እያሳየ እንደሆነ ማወቂያ

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ያዘነበለ ወለል ላይ አንድ ሳጥን ተቀምጧል፤ አይንቀሳቀስም። መጠነ ቁሱ 5.0 ኪሎ ግራም ነው። ከሳጥኑ ሦስት ቀስቶች ይወጣሉ፤ አንዳቸውም ላይ ስም አልተጻፈም። ከሳጥኑ በታች ትንሽ ቅስት ተሥላ አጠገቧ 42° ተጽፏል። የወለሉን ዝንባሌ የምንለካበት የአግድም መስመር ግን ሥዕሉ ላይ የለም። ጥያቄው «ወለሉ ሳጥኑን በ90 ዲግሪ የሚገፋበት ኃይል ስንት ነው?» ይላል። ምርጫዎቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ 32.8፣ 33.5፣ 36.4 እና 37.2 ኒውተን።

እንዲህ የተቀራረቡ ቁጥሮች በዘፈቀደ አይመጡም። ጥያቄ አውጪው አንዱን ትክክለኛ መልስ ካገኘ በኋላ ሌሎቹን የሚሠራው ተማሪ ሊሳሳትባቸው ከሚችሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርጫ ሥዕሉን በአንድ መንገድ አንብቦ የተሰላ ውጤት ነው። የእኛ ሥራ ሁለት ነው፦ የትኛው ምርጫ ከየትኛው ንባብ እንደመጣ ማወቅ፣ ቀጥሎም ሥዕሉ ራሱ የትኛውን ንባብ እንደሚፈቅድ መመርመር። ሁለቱ ከተምታቱ ምርጫውን አይቶ ሥዕሉን ማስማማት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ምርጫ ልክ ይመስላል።

ደረጃ 1፦ ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ ቀስቶቹን ለዩ

ለእያንዳንዱ ቀስት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህንን ማን ያደርገዋል? ኃይል ከሆነ የሚገፋ ወይም የሚስብ አካል መኖር አለበት። ከሳጥኑ መሀል ተነሥቶ ወደ ገጹ ግርጌ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቀስት ክብደት ነው፤ የሚስበው መሬት ነው። የወለሉ ዝንባሌ ምንም ያህል ቢሆን ይህ ቀስት አያጋድልም፤ የሚለየውም በዚሁ ነው። ከወለሉ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚወጣው የወለሉ ግፊት፣ ማለትም ኖርማል ኃይል ነው። ወለሉን ተከትሎ ወደ ላይ የሚሄደው ሦስተኛው ቀስት ሰበቃ ወይም የገመድ ውጥረት ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ላይ ገመድ ከሌለ የሚቀረው ሰበቃ ብቻ ነው።

ወለሉን ተከትሎ ወደ ታች የሚሄድ አራተኛ ቀስት ቢኖርስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ማን ያደርገዋል?» ሲባል መልስ ካጣ ያ ቀስት ራሱን የቻለ ኃይል አይደለም። ወይ የክብደት ኮምፖነንት ነው፣ ወይ ፍጥነት ወይም ፍጥንጥነት ነው። ኮምፖነንት ከሆነ ብዙ ጊዜ በተቆራረጠ መስመር ይሣላል፤ ሲደመር ግን መግባት የለበትም፤ ክብደቱ አስቀድሞ ተቆጥሯልና። ፍጥነትና ፍጥንጥነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳጥኑን ሳይነኩ ከጎኑ ይሣላሉ። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ ስላልሆነ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። በእኛ ጥያቄ ሳጥኑ አይንቀሳቀስም ስለተባለ የፍጥነት ቀስት ሊኖር አይችልም፤ ጥያቄው ራሱ ዘግቶታል።

ደረጃ 2፦ የቀስቶቹ ርዝመት ይታመን እንደሆነ ፈትሹ

ሳጥኑ ስለማይንቀሳቀስ ሦስቱ ኃይሎች ተደምረው ዜሮ መስጠት አለባቸው። ይህ ማለት ቀስቶቹን አንዱን ከሌላው ጫፍ ብትቀጥሉ የተዘጋ ጎነ ሦስት ይሆናሉ ማለት ነው። የወለሉ ግፊትና ሰበቃው እርስ በርሳቸው 90 ዲግሪ ስለሚሠሩ፣ ክብደቱ የዚያ ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን ይሆናል።

እስቲ በማስመሪያ ለክተን ክብደቱ 3.0፣ የወለሉ ግፊት 2.0፣ ሰበቃው 2.2 ሴንቲ ሜትር ሆኑ እንበል። የሁለቱን አጫጭር ቀስቶች ስኩዌር ደምሩ፦ 4.0 ሲደመር 4.84፣ 8.84 ይሆናል። የረጅሙ ስኩዌር 9.0 ነው። ልዩነቱ ማስመሪያ ሊሳሳት ከሚችለው አይበልጥም። ስለዚህ ሠዓሊው ቀስቶቹን በልክ ሥሏቸዋል፤ ርዝመታቸው መረጃ ነው።

ሦስቱም 2.5 ሴንቲ ሜትር ሆነው ቢገኙ ኖሮ ስሌቱ አይዘጋም ነበር፦ 6.25 ሲደመር 6.25፣ 12.5 ይሰጣል፤ የክብደቱ ስኩዌር ግን 6.25 ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ቀስቶቹ አቅጣጫን ብቻ ያሳያሉ፤ ማስመሪያውን አስቀምጡ። «ሥዕሉ በልክ አልተሣለም» የሚል ጽሑፍ ካለም እንደዚሁ ነው።

ሥዕሉን የምታዩት ስክሪን ላይ ከሆነ ማጉላትና ማሳነስ ችግር የለውም፤ የርዝመቶቹ ምጥጥን አይለወጥም። ወደ ጎን ብቻ የተለጠጠ ምስል ግን ማዕዘኖቹን ሁሉ ያበላሻል። ሥዕሉ ውስጥ ክብ መሆን ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ ጎማ ወይም ፑሊ፣ እንቁላል መስሎ ከታየ የለካችሁት ሁሉ አይረባም።

ደረጃ 3፦ ማዕዘኑ በየትኞቹ ሁለት መስመሮች መካከል እንዳለ እወቁ

የዚህ ጥያቄ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። ያዘነበለ ወለልና አንድ ማዕዘን ያየ ሰው እጁ ሳያስበው `N = mg cos θ` ብሎ ይጽፋል። ቀመሩ ልክ የሚሆነው ግን θ በወለሉና በአግድም መስመር መካከል ሲለካ ነው። በእኛ ሥዕል የአግድም መስመር የለም። ቅስቷን በጣት ተከተሉ፦ አንዱ ጫፏ ወደ ታች የሚወርደውን የክብደት ቀስት ይነካል፣ ሌላኛው ጫፏ የወለሉን መስመር ይነካል። ስለዚህ 42 ዲግሪው በወለሉና ወደ ታች በሚወርደው መስመር መካከል ነው። የወለሉ ዝንባሌ ከአግድም 90 ሲቀነስ 42፣ ማለትም 48 ዲግሪ ነው።

ቅስቷ ትንሽ ሆና የት እንደምትነካ ካልታየስ? በደረጃ 2 የለካነው እዚህ ያገለግላል። ሰበቃው ከወለሉ ግፊት ይረዝማል፤ 2.2 ለ 2.0። ዝንባሌው 45 ዲግሪ ቢሆን ሁለቱ እኩል ይሆኑ ነበር፤ ወለሉ ይበልጥ ሲቆም ሰበቃው ይረዝማል፣ የወለሉ ግፊት ያጥራል። ስለዚህ ወለሉ ከ45 ዲግሪ በላይ ቆሟል፤ 42 የዝንባሌው ማዕዘን ሊሆን አይችልም። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ እንኳ አያስፈልግም፣ በዓይን የትኛው እንደሚረዝም ማየት ይበቃል።

ቀመሩን ስትጽፉ ሳይንና ኮሳይን ከተምታቱባችሁ ወለሉን በሐሳብ እስከ መጨረሻው አቁሙት። ወለሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ሲል ሳጥኑን የሚገፋበት ምክንያት አይኖረውም፤ ግፊቱ ዜሮ መሆን አለበት። በወለሉና በክብደቱ መካከል ያለው ማዕዘን ያን ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ዜሮ ሲገባበት ዜሮ የሚሰጠው ሳይን ነው። እንግዲህ በሥዕሉ ማዕዘን ከሠራን `N = mg sin 42°` ነው፤ በ48 ከሠራን `N = mg cos 48°` ነው። ሁለቱም አንድ ቁጥር ናቸው፤ 0.669።

ደረጃ 4፦ አሁን ምርጫዎቹን ግለጡና የእያንዳንዱን ምንጭ ፈልጉ

ሁለት ያልተወሰኑ ነገሮች ነበሩ፦ ማዕዘኑ የቱ ነው፣ `g` ስንት ነው። ሁለት በሁለት አራት ንባብ ይሰጣል፦

- ማዕዘኑ ከክብደቱ መስመር ጋር ሆኖ `g` 9.8 ሲሆን፦ 49 × 0.669፣ 32.8 ኒውተን።
- ያው ማዕዘን ሆኖ `g` 10 ሲሆን፦ 50 × 0.669፣ 33.5 ኒውተን።
- ማዕዘኑ ከአግድም መስመር ጋር ነው ተብሎ `g` 9.8 ሲሆን፦ 49 × 0.743፣ 36.4 ኒውተን።
- እንደዚሁ ሆኖ `g` 10 ሲሆን፦ 50 × 0.743፣ 37.2 ኒውተን።

አራቱም ምርጫዎች ተገኙ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥያቄ አውጪው ያሰበባቸውን ነጥቦች ሁሉ አግኝተናል። ምንጩ ያልታወቀ አንድ ምርጫ ቢቀር ኖሮ፣ ያላሰብነው ንባብ አለ ማለት ስለሚሆን ወደ ቀስቶቹ እንመለስ ነበር።

ደረጃ 3 ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥሏቸዋል። የቀሩት 32.8 እና 33.5 ናቸው። እዚህ ላይ ማስመሪያውን እንደገና የሚያነሣ ሰው ጊዜውን ያባክናል። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። በማስመሪያ ስንለካ በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ልንስት እንችላለን። የወለሉ ግፊት ለክብደቱ ያለው ምጥጥን 2.0 ለ 3.0፣ 0.67 ነው፤ ከስህተቱ ጋር ከ0.64 እስከ 0.69 ባለው ውስጥ ነው። 0.743 ከዚህ ውጭ ስለሆነ ሥዕሉ በማዕዘኑ ጉዳይ ፍርድ መስጠት ይችላል። በ32.8 እና በ33.5 መካከል ያለው ልዩነት ግን ሁለት በመቶ ብቻ ነው፤ የልካችን ስህተት ከዚያ ይበልጣል። ከዚያም በላይ `g` ሲለወጥ ሦስቱም ቀስቶች እኩል ስለሚያድጉ ሥዕሉ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ `g` ከሥዕሉ ፈጽሞ አይገኝም፤ የሚገኘው ከጥያቄው ጽሑፍ ወይም የቋሚ ቁጥሮች ዝርዝር ከታተመበት ገጽ ነው። ዝርዝሩ 9.8 ካለ መልሱ 32.8 ነው፣ 10 ካለ 33.5 ነው። የትም ቦታ ካልተጻፈ ሁለቱን በአንድ ላይ ያቀረበው ጥያቄ ጉድለት አለበት ማለት ነው፤ ሥዕሉን ደጋግሞ ማየት አያድነውም።

ስም የሌላቸው ዘንጎች ሲመጡ

ግራፍ ላይ አሠራሩ ያው ነው፤ ግን የምንጠይቀው ጥያቄ ይለያል። ቀስትን «ማን ያደርገዋል?» ብለን እንደጠየቅን፣ ዘንግን «ይህ ቁጥር የምን ቢሆን ያስኬዳል?» ብለን እንጠይቃለን።

የፔንዱለም ሙከራ ግራፍ ነው እንበል። ጥያቄው «የተለያየ ርዝመት ያላቸው ፔንዱለሞች ተወዛውዘው ጊዜያቸው ተለካ፤ ከግራፉ `g`ን ፈልጉ» ይላል። ዘንጎቹ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። አግድሙ ከ0 እስከ 1.2፣ የቁሙ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል። ከዜሮ የሚነሣ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ምርጫዎቹ 9.5፣ 9.8 እና 10.1 ናቸው።

መጀመሪያ ቅርጹን ከቀመሩ ጋር አስተያዩ። በትንሽ ማዕዘን ለሚወዛወዝ ፔንዱለም

```
T² = (4π²/g) L
```

ነው። የቁሙ ዘንግ ጊዜው `T`፣ አግድሙ ርዝመቱ `L` ቢሆን መስመሩ ቀጥ አይልም፤ ከዜሮ በፍጥነት ተነሥቶ እየጎበጠ ይሄድ ነበር። ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ማለቱ ብቻውን ያንን ንባብ ይጥለዋል። ቀጥ ያለ መስመር የሚሰጡት `T²` ከ`L` ጋር፣ ወይም `T` ከ`√L` ጋር ናቸው።

እነዚህን ሁለቱን ቅርጽ አይለያቸውም፤ ቁጥር ግን ይለያቸዋል። አግድሙ 1.0 በሚልበት ቦታ የቁሙ 4 አካባቢ ያነባል። የ1 ሜትር ፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ለመጨረስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ በቃል ሊያዝ የሚገባው ቁጥር ነው። የ2 ስኩዌር 4 ነው። ስለዚህ የቁሙ ዘንግ `T²` ነው። `T` ነው ብላችሁ ብትሠሩ የ1 ሜትር ፔንዱለም 4 ሰከንድ ፈጀ ማለት ይሆናል፤ `g`ም 2.5 አካባቢ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ስሌቱን ከመድገም በፊት ዘንጉን መጠርጠር ይሻላል።

ዘንጉ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ስሎፑን ማንበብ ነው፤ ምርጫዎቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ብዙ ነጥብ የሚጠፋውም እዚህ ነው። የቁሙ ዘንግ እያንዳንዷ ትንሽ ካሬ 0.1 ናት እንበል። በዓይን ከካሬዋ ግማሽ፣ ማለትም 0.05 ልንስት እንችላለን።

አንድ ተማሪ አግድሙ 0.4 የሆነበትን ቦታ መርጦ 1.65 አነበበ። ስሎፑ 1.65 ለ 0.4፣ 4.125 ነው። 4π² ማለት 39.48 ስለሆነ `g` 9.57 ይሆናል፤ ተማሪውም 9.5ን ይመርጣል። የንባቡን ስህተት ግን እናስገባው። እውነተኛው ንባብ ከ1.60 እስከ 1.70 ሊሆን ስለሚችል `g` ከ9.29 እስከ 9.87 ሊሆን ይችላል። 9.5ም 9.8ም በዚህ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ይህ ነጥብ ለመምረጥ አይበቃም።

ሌላው ተማሪ መስመሩ እስከሚያልቅበት ሄዶ አግድሙ 1.2 በሆነበት 4.85 አነበበ። ስሎፑ 4.04፣ `g` 9.77 ነው። የንባቡ ስህተት ያው 0.05 ሆኖ ሳለ፣ `g` አሁን ከ9.67 እስከ 9.87 ብቻ ይሰፋል። ውስጡ የገባው ምርጫ 9.8 ብቻ ነው። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መስመር ነው፤ የለያቸው የመረጡት ነጥብ ርቀት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ስሎፕ የሚነበበው በተቻለ መጠን ከተራራቁ ሁለት ነጥቦች ነው። ነጥቦቹም ከራሱ ከመስመሩ ላይ ይወሰዳሉ፤ በሙከራ ተለክተው ከተበተኑት ነጥቦች አይደለም።

ምርጫ ከማክበባችሁ በፊት ይህንን ስፋት ማስላት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከአንድ ምርጫ በላይ ውስጡ ከገባ የተሻለ ነጥብ ፈልጉ፤ አንድ ብቻ ከገባ ጨርሳችኋል።

አንድ ነገር ቀረ። ከላይ ስሎፑን ያገኘነው የቁሙን ቁጥር በአግድሙ በማካፈል ነው። ይህ የሚሠራው መስመሩ ከዜሮ ሲነሣ ብቻ ነው። በእውነተኛ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይነሣም፦ ርዝመቱ እስከ ኳሷ መሀል ሳይሆን እስከ ክሩ ጫፍ ከተለካ፣ ሁሉም `L` በኳሷ ሬዲየስ ያጥራሉ። መስመሩም የቁሙን ዘንግ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆርጠዋል። በ0.1 ላይ ቆረጠው እንበል፤ በ1.2 ላይ ያለው ንባብ 4.95 ይሆናል። 4.95ን ለ1.2 ያካፈለ ሰው እንደገና 9.57 ያገኛል፤ ከሩቅ ነጥብ አንብቦ እንኳ 9.5 ላይ ያርፋል። መነሻውን ቀንሶ 4.95 ሲቀነስ 0.1፣ 4.85 ለ1.2 ያለ ሰው ግን 9.77 ያገኛል፤ ያለ ኳሷ ሬዲየስ የተለካው ርዝመት መስመሩን ከፍ አደረገው እንጂ ስሎፑን አልነካውም። ስለዚህ ዘንጉ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር 0 መሆኑን፣ መስመሩም በእውነት እዚያ ነጥብ ላይ እንደሚያርፍ ከማካፈላችሁ በፊት ተመልከቱ። ዘንጉ ከ2 ወይም ከ3 ጀምሮ ከሆነ ወይም ሥር አካባቢ የመቆረጥ ምልክት ካለው፣ ሁልጊዜ ሁለት ነጥብ ወስዳችሁ ልዩነትን ለልዩነት አካፍሉ።